20 ሲባዛ በ1.5፦ ሰሞኑን ለዞረው ጽሑፍ ምላሽ

«የዋጋ ግሽበትና ሥራ አጥነት በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ናቸው። አንዱን ስትጫነው ሌላው ይነሳል። መንግሥት የትኛው ይሻለኛል ብሎ ከመምረጥ ውጪ አማራጭ የለውም።»

«አሜሪካ በማዕከላዊ ባንክ ገዥዋ በቮልከር ዘመን አንድ የግሽበት ነጥብ ለማውረድ 1.5 ነጥብ ሥራ አጥነት ከፍላለች። እኛ ከ30 ወደ 10 እንውረድ ካልን 20 ነጥብ ነው። 20 ሲባዛ በ1.5፣ 30። ይህን የሚሸከም ትከሻ የለንም።»

«የሕዝብ ግምት የሚባለው የክፍል ውስጥ ወሬ ነው። የመርካቶ ነጋዴ የብሔራዊ ባንክን መግለጫ አንብቦ ዋጋ አይተምንም።»

ከላይ የጠቀስኩት ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአራት ሰው ደረሰኝ። አራተኛው ለገሃር አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት ያለው ወዳጄ ነው። ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጽፎበታል። እሱ በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አይደለም፤ 30 የሚለው ቁጥር ግን አስደንግጦታል። እኔ የምጽፈው ለእሱ ነው። ጸሐፊውም ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ጭንቀታቸው የሥራ ጉዳይ ነውና ጭንቀታቸውን እጋራለሁ። የማልጋራው ሒሳቡን ነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሚዛኑ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ፊሊፕስ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1958 የእንግሊዝን የ1861–1957 መረጃ ዘርግቶ አየ። ሥራ አጥነት ዝቅ ባለባቸው ዓመታት ደመወዝ ቶሎ ቶሎ ያድግ ነበር። ከፍ ባለባቸው ዓመታት ደግሞ ይተኛል። ሥዕሉ ያምራል። ችግሩ፣ ያ ዘመን በአብዛኛው ገንዘብ በወርቅ የታሰረበት ዘመን ነው። ዋጋ አንድ ዓመት ይወጣል፣ ሌላ ዓመት ይወርዳል። ሰው «የሚቀጥለው ዓመት በ20 በመቶ ይጨምራል» ብሎ የሚያድርበት ምክንያት አልነበረውም።

አሁን ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ የሚጨምርበት ከተማ አስቡ። ሠራተኛው 20 ይጠይቃል። ጨርቅ አቅራቢው 20 ይጨምራል። ልብስ ሰፊውም ልብሱ ላይ 20 ይጨምራል። ማን አተረፈ? ማንም። ልብስ ሰፊው አንድ ሰው ጨምሮ የሚቀጥርበት ምክንያት የለውም። የሚቀጥረው ሌላው ሁሉ 20 ሲጠብቅ ልብሱ 25 ጨምሮ ከተሸጠለት ነው፤ ያኔ ደመወዙና ጨርቁ ገና ስላልተነሱ ትርፉ ይሰፋል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁሉም 25 ብሎ ይጀምራል። ያንኑ ሥራ ለማቆየት 30 ሊያስፈልግ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፍሪድማን በ1967 መጨረሻ ባደረገው ንግግር፣ ሌላው ሊቅ ፌልፕስም በዚያው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ የተናገሩት ይህንን ነው። ብዙ ሳይቆይ ታየ፦ አሜሪካ በ1969 ሥራ አጥነቷ 3.5፣ ግሽበቷ 5.5 በመቶ ገደማ ነበር። በ1979 ሥራ አጥነት 5.8፣ ግሽበት 11.3። ሚዛን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አብረው አይነሱም ነበር።

ስለዚህ ሥራ የሚያስገኘው ያልተጠበቀው ግሽበት ነው። የሚጠበቀው ምንም አይገዛም። ጸሐፊው «ለአጭር ጊዜ» የሚል ቃል ቢጨምሩ ኖሮ እዚህ ላይ ጠብ ባልነበረን። ለአጭር ጊዜ ሚዛኑ አለ፤ ግሽበትን ማውረድም ብዙ ጊዜ ያስከፍላል።

ያ ክፍያ ስንት ነው? ባለሙያዎች የመስዋዕትነት ምጣኔ ይሉታል። ግሽበት በአንድ ነጥብ እንዲወርድ ስንት ነጥብ ሥራ አጥነት፣ ለስንት ዓመት ተከፈለ ማለት ነው። የጸሐፊው 1.5 ከየት እንደመጣ እኔም ሠርቼ አየሁት። በ1981 የአሜሪካ ግሽበት 10.3 በመቶ ነበር። በ1985 3.6። የወረደው 6.7 ነጥብ ነው። ሥራ አጥነቱ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ 9.7፣ 9.6፣ 7.5፣ 7.2 ነበር። በደህናው ጊዜም ቢሆን 6 በመቶ የሚሆን ሰው ሥራ እየቀየረ ወይም እየፈለገ ይገኛል ብለን ከእያንዳንዱ 6 እንቀንስ። 3.7፣ 3.6፣ 1.5፣ 1.2 ይቀራል። ሲደመር 10። 10 ለ6.7 ሲካፈል 1.5 ይመጣል። እስከዚህ ጸሐፊው አልተሳሳቱም።

ግን ያቺን 6 እንንካት። ማንም ቆጥሮ ያመጣት አይደለችም፤ ግምት ናት። 6.5 ብንላት ድምሩ 8 ይሆናል፣ ምጣኔውም ወደ 1.2 ይወርዳል። ወይም 6ን እንተዋትና ከ1981 ሳይሆን ግሽበት 13.5 በመቶ ከነበረበት ከ1980 እንጀምር፣ የ1980ንና የ1981ን ሥራ አጥነትም እንደምር። ያኔ ወደ 1.3 ይሆናል። አንድ አገር፣ አንድ ታሪክ፣ ሦስት መልስ። እንዲህ የምትወላውል ቁጥር ለሌላ አገር ማባዣ ስትሆን ቢያንስ ጠንቀቅ ማለት ይገባ ነበር።

ሌላም አለ፣ ይኼኛው ይከብዳል። ከላይ ያገኘነው 10፣ የአራት ዓመት ድምር ነው። በአንድ ቀን አሥር ነጥብ ሥራ አጥነት አልተከመረም። የጸሐፊው 30ም ትክክል ቢሆን እንኳ የዓመታት ድምር ነው፤ በአሥር ዓመት ቢከፈል በዓመት 3 ነጥብ ነው። እርሳቸው ግን 20 የነበረው ሥራ አጥነት ነገ 50 ይገባል እንደሚባል አድርገው አቀረቡት። ወዳጄን ያስደነገጠችውም ይህቺ ናት።

ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄው ይህ ነው፦ አሜሪካኖቹ ለምን ያን ያህል ከፈሉ? ቁጥሩ እንደ መኪና የነዳጅ ፍጆታ ከሞተሩ የመጣ አይደለም። ሰው ስላላመነ የመጣ ነው። ቮልከር በነሐሴ 1979 ተሾመ፤ በጥቅምት ገንዘቡን እንደሚያጠብቅ አወጀ። የወለድ ተመኑ በሚያዝያ 1980 ከ17 በመቶ አለፈ። ኢኮኖሚው ሲንገዳገድ ለቀቅ አደረጉት። በሐምሌ 9 በመቶ ገደማ ደረሰ። ግሽበቱ ግን ገና አልሞተም ነበርና እንደገና አጠበቁ፤ በጥር 1981 ተመኑ 19 ነካ። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ላይ፣ ታች፣ ላይ። ይህንን ያየ ቀጣሪ፣ ያየ የሠራተኛ ማኅበር ምን ይላል? «ነገም ይለቁታል» ይላል። ደመወዙን በድሮው ግሽበት ይዋዋላል። ውሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሦስት ዓመት ነበር። ዋጋው እየወረደ፣ ደመወዙ በድሮው ፍጥነት እየወጣ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀንሳል። ቤት የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ተናደው ለቮልከር ቢሮ የተቆረጠ ጣውላ በፖስታ ይልኩለት ነበር፤ ቤት የሚገዛ ጠፍቶ ጣውላው ሥራ ፈትቶብናል ለማለት ነው። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ።

አለማመኑ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚያሳይ አንድ ቁጥር አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው። በ1984 አጋማሽ የአሜሪካ ግሽበት 4 በመቶ አካባቢ ወርዶ ነበር። ለአሥር ዓመት ለመንግሥት የሚያበድር ሰው ግን አሁንም ከ13 በመቶ በላይ ወለድ ይጠይቅ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ግሽበቱ ወርዶ እንኳ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብሎ ያስብ ነበር። ያ 1.5፣ ይህንን አለማመን የመስበሪያ ዋጋ ነው።

አሁን የጸሐፊውን ማባዣ ወደ ቦሊቪያ እንውሰዳት። በነሐሴ 1985 የቦሊቪያ የዓመት ግሽበት ከ20,000 በመቶ በላይ ነበር። በ1.5 ስናባዛው 30,000 ነጥብ ሥራ አጥነት ይመጣል። ከመቶ ሰው ሠላሳ ሺሁ ሥራ አጥ! የሆነው ግን ሌላ ነው። መንግሥት በዚያ ወር መጨረሻ ባወጣው ድንጋጌ የነዳጅ ዋጋን ከፍ አደረገ፣ የበጀት ጉድለቱን ዘጋ፣ ገንዘብ ማተሙን አቆመ፣ የምንዛሪ ተመኑን ለቀቀ። ግሽበቱ በሳምንታት ውስጥ ቆመ። እንዴት? በዚያ ፍጥነት ዋጋ ሲነሳ በአገሩ ገንዘብ ለዓመት የሚዋዋል ሰው አይኖርም። ሁሉም በዶላር ያስባል። የድሮ ውል የለም፣ የሚጎትት የለም። ዶላሩ ሲቆም ዋጋውም ቆመ። በነፃ አልነበረም፤ የመንግሥት ማዕድን ድርጅቱ ከ20,000 በላይ ማዕድን ቆፋሪዎች አሰናብቷል፤ ኢኮኖሚውም ወዲያው አላገገመም። ከ30,000 ነጥብ ግን በጣም ይርቃል።

ሩቅ አገር ነው ካላችሁ ራሷን አሜሪካን በቅርብ ጊዜ እዩ። በሰኔ 2022 ግሽበቷ 9.1 በመቶ፣ ሥራ አጥነቷ 3.6። ከዓመት በኋላ ግሽበቱ 3፣ ሥራ አጥነቱ ያው 3.6። ምጣኔው ዜሮ! እርግጥ ይህን እንደ ተአምር ማቅረብ አልፈልግም። ግማሹ ነገር የተዘጋ ወደብ ስለተከፈተና ነዳጅ ስለረከሰ ነው። ሌላው ግን ሰዉ 9 በመቶ እያየ እንኳ «ይህ ያልፋል፣ ወደ 2 ይመለሳል» ብሎ ስለጠበቀ ነው። በ1980 እንዲህ ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

እኛ የምንገኘው በሁለቱ መካከል ነው፣ እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ እሰጣለሁ። በ20 እና በ30 በመቶ ለዓመታት የኖረ ግሽበት እንደ ቦሊቪያው በሳምንት አይቆምም። ሰው ሁሉን በዶላር ለማሰብ አልደረሰም፤ ብር ይረጋል ብሎም አያምንም። ከባዱ ቦታ ይህ ነው።

ወደ ነጋዴው እንምጣ። እውነት ነው፣ መግለጫ አያነብም። ወዳጄም አያነብም። ግን መሳቢያውን ከፍቶ የወረቀት አቅራቢውን ፕሮፎርማዎች አሳየኝ። ከሥር አንድ መስመር አለች፦ «ይህ ዋጋ ለ… ቀን የጸና ነው»። በድሮዎቹ ላይ 30 ይላል። ግሽበቱ በበረታበት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. 3 ይላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ባለው ሳምንት ቀኑ ራሱ ጠፍቶ «ዋጋው ክፍያ በተፈጸመበት ዕለት ይወሰናል» የሚል በእጅ ተጽፎበታል። የመጨረሻው ላይ 15 ይላል።

ግምት ማለት ይህቺ መስመር ናት። ማንም በመጠይቅ አልሰበሰባትም። አቅራቢው ነገ ዋጋ የት እንደሚሆን የሚያስበውን በቀን ቁጥር ጽፎታል።

ወዳጄን «አንተስ ዋጋህን በምን ታወጣለህ?» አልኩት። «ወረቀቱን በገዛሁበት አይደለም፤ ይህን ሽጬ ስመለስ በሚገዛልኝ ነው» አለኝ። በገዛበት ሸጦ ሁለት ጊዜ ከስሯል። አንድ ሪም ሸጦ ሲመለስ በዚያው ገንዘብ ሦስት ሩብ ሪም ብቻ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የወደፊቱን ዋጋ ዛሬውኑ ያስከፍላል። እንዲህ የሚያስብ ሁሉ ሲደመር የነገው ግሽበት ዛሬ ተሠርቶ ያድራል።

የምንዛሪው ነገርም ይህንኑ ያሳያል። ብሩ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ፣ በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ነበር። ብዙ ሰው የባንኩ ተመን ሲዘል ዋጋ ሁሉ በዚያው ልክ ይዘላል ብሎ ፈርቶ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። አንዱ ምክንያት ብዙ አስመጪ አስቀድሞ በጥቁሩ ተመን እያሰላ ይሸጥ ስለነበር ነው። መግለጫ ያላነበበው ነጋዴ ዋጋውን ቀድሞ ጨምሮ ነበር።

ታዲያ ግምትና የሥራ ማጣት በየት ይገናኛሉ? በብድር ጣሪያው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ግሽበቱ ያኔ 28 በመቶ አካባቢ ነበር። ወረቀት ለመሙላት አምና 100 ብር ይበደር የነበረ ሰው፣ ዋጋው በ28 ስለጨመረ ዘንድሮ 128 ያስፈልገዋል። ባንኩ በአማካይ ሊሰጠው የሚችለው 114 ነው። 14 ብር ጎደለ። ያ ጉድለት ያልተገዛ ወረቀት፣ ያልታተመ መጽሐፍ፣ የቆመ ማሽን ነው። አቅራቢዎቹ ሁሉ «ይህ ነገር የምር ነው» ብለው የጨመሩት 14 ብቻ ቢሆን ኖሮስ? ያው 114 ብር ያንኑ ወረቀት ይገዛ ነበር፣ ምንም አይጎድልም። ጣሪያው አንድ ነው፤ መስዋዕትነቱ ግን ከዜሮ እስከ 14 ብር ይለያያል። የሚወስነው አቅራቢው ፕሮፎርማው ላይ የሚጽፈው ነው።

ታዲያ አቅራቢው የሚያምነው ምን ሲያይ ነው? መግለጫ ሲሰማ አይደለም፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ጣሪያው ለዓመት ሲቆይ፣ ለአንዱ ሲላላ ለሌላው ሲጠብቅ ካላየ፣ መንግሥትም ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ እየተበደረ ካልሞላ ነው። በ1980 አሜሪካኖቹ እንዳደረጉት መሀል ላይ ለቀቅ ካደረጉት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሒሳቡ እጥፍ ይሆናል። ጸሐፊው «ቀስ እንበል፣ ሲከብድ እናላላው» ብለው የመከሩት እኮ በትክክል ያቺን 1.5 የወለደችውን መንገድ ነው።

ግሽበቱ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከ20 በመቶ ጥቂት ዝቅ አለ፤ ከዓመት በኋላ ወደ 14 ገደማ ደረሰ። ባንኩ በዚያ ጊዜ ከ10 በታች ለማድረስ አስቦ ነበር፣ አልደረሰም። የወረደውም በሙሉ የፖሊሲ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። የዋጋ መለኪያችን ከግማሽ በላይ ምግብ ነው። ጤፍና ዘይት ሲረጋጉ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ለዚያ ያንን ያህል መስዋዕት አልተከፈለም። ስለዚህ ጠቅላላውን ቁጥር ይዞ «ይኸው በርካሽ ወረደ» የሚል ሌላ ጸሐፊ ቢመጣ እሱም ተሳስቷል እለዋለሁ። የምግቡን ለይቶ የቀረውን ማየት ይኖርበታል።

ከሁሉም ግን ጸሐፊው የመረጡት መለኪያ ራሱ እኛ ጋ አይሠራም። አሜሪካዊው ሠራተኛ ከሥራ ሲባረር ብዙ ጊዜ የሥራ አጥ ክፍያ ይወስዳል፣ በየወሩ በናሙና መጠይቅ በሚወጣው ቁጥር ውስጥም ይገባል። እኛ በየወሩ የሚወጣ የሥራ አጥነት ቁጥር የለንም። ቢኖረንም በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም።

የወዳጄ ማተሚያ ቤት ሁለት ማሽን አለው። ብድሩ በጠበበበት ዓመት አንዱ ጨርቅ ለብሶ ቆመ። አራት ሠራተኞች አሉት። ማንንም አላሰናበተም፤ «የሰው ልጅ ናቸው፣ የት ይሄዳሉ» አለ። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ የነበሩት ሦስት ሦስት ቀን እንዲገቡ አደረገ፤ የሚከፈላቸውም በቀን ነው። በሥራ አጥነት ቢሰላ ከዚያ ቤት የተከፈለው መስዋዕት ዜሮ ነው። በቀን ቢቆጠር አራት ሰው ሲባዛ በሦስት ቀን፣ በሳምንት 12 የሥራ ቀን ነው፤ ሁለት ሰው እንደማሰናበት። ጸሐፊው ሒሳቡን እንደገና ከሠሩት ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

ለወዳጄ የመለስኩለት ባጭሩ ነው። «30ው ልክ አይደለም» ብዬ ጻፍኩለት። «የኔ ሁለተኛው ማሽንስ?» አለኝ። አቅራቢው አሁን ስንት ቀን እየጻፈልህ ነው አልኩት። «ትናንት 20 ጻፈልኝ» አለ።